የበርሊን ኤርፖርት ለምን ስምንት ዓመት ዘገየ?

እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2012 የበርሊን ኤርፖርት ኃላፊዎች ጋዜጠኞችን ጠርተው አዲሱ ኤርፖርት በተባለው ቀን እንደማይከፈት ተናገሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመክፈቻው ቀን ጁን 3 ነበር፤ አራት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። አየር መንገዶች ከአዲሱ ኤርፖርት ለሚነሱ በረራዎች ትኬት ሸጠው ጨርሰዋል። በተርሚናሉ ውስጥ ሱቅ የተከራዩ ነጋዴዎች ሠራተኛ ቀጥረዋል፤ ዕቃም አዝዘዋል። አሮጌው የቴጌል ኤርፖርት በአንድ ሌሊት ተጠቅልሎ ወደ አዲሱ እንዲዛወር የጭነት መኪናው ሁሉ ተዘጋጅቷል። ኤርፖርቱ በመጨረሻ ሥራ የጀመረው ኦክቶበር 31 ቀን 2020 ነው። መነሻ ላይ ወደ 2 ቢሊዮን ዩሮ የተገመተው ወጪም ከዕጥፍ እጅግ አልፎ ወደ 6 ቢሊዮን ተጠጋ።

ምክንያቱ ሲጠየቅ የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ የእሳት አደጋ መከላከያው አልተጠናቀቀም የሚል። መልሱ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ትልቅ የመንግሥት ግንባታ ሲከሽፍ መጀመሪያ የሚነገረው ምክንያት ብዙውን ጊዜ መሰናክሉ የታየበት ቦታ እንጂ የተወለደበት ቦታ አይደለም። የበርሊኑን ጉዳይ መመርመር የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። የከተማው ምክር ቤት ያቋቋመው መርማሪ ኮሚቴ ዓመታት ፈጅቶ በ2016 ሪፖርቱን አውጥቷል፤ ሰነዶቹ ለሕዝብ ስለወጡም ችግሩን ከላይ እስከ ሥሩ ተከትሎ መውረድ ይቻላል።

ከሚታየው እንጀምር። እሳት ሲነሳ ሰውን የሚገድለው በአብዛኛው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው። ትኩስ ጭስ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። በብዙ ሰፋፊ አዳራሾች ጣሪያው ላይ የሚከፈት መስኮት ወይም የጭስ መውጫ ይደረግና ጭሱ በራሱ መንገድ ይሄዳል። የበርሊኑ ተርሚናል ጣሪያ ግን ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ የተነደፈ ነው፤ የጭስ መውጫ ቱቦ ተቀጥሎበት ውበቱ እንዲበላሽ አልተፈለገም። ስለዚህ ጭሱ ከአዳራሹ ላይኛው ክፍል ተስቦ፣ በቱቦ ወደ ታች ወርዶ፣ በሕንፃው ሥር በኩል እንዲወጣ ታቀደ። በተፈጥሮው ወደ ላይ የሚሄደውን ወደ ታች መሳብ ማለት ነው።

ይህ አይቻልም ማለት አይደለም። ግን በአንድ ቅጽበት ብዙ ነገር ተስማምቶ መሥራት አለበት። የጭስ ጠቋሚው እሳቱ የትኛው ክፍል እንዳለ በትክክል ለመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ይነግራል። ኮምፒውተሩ በቱቦዎቹ ውስጥ ያሉትን ክዳኖች አንዱን ከፍቶ ሌላውን ይዘጋል። ትልልቆቹ ማራገቢያዎች ይነሳሉ። ጭሱ ሲሳብ በእሱ ቦታ የሚገባ ንጹሕ አየር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የተወሰኑ በሮች መከፈት አለባቸው። የሚገባው አየር ካነሰ ደግሞ በአዳራሹ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርድና መንገደኛው ሊያመልጥበት የሚገባው በር ለእጅ እስከሚከብድ ድረስ ይጣበቃል። በዚያው ሰዓት ከኮርኒሱ ውኃ የሚረጩት ቱቦዎች ይከፈታሉ፣ የድምፅ ማጉያው ሰዉን ወደ ትክክለኛው መውጫ ይመራል። እነዚህን ክፍሎች የገጠሙት የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው። እያንዳንዱ ለብቻው ተፈትኖ ቢያልፍ እንኳ ዋናው ፈተና ሁሉም በአንድ ላይ የሚነሱበት ነው።

በ2012 የጸደይ ወራት ይህ ፈተና እንደማይሳካ ግልጽ እየሆነ ሲመጣ ኃላፊዎቹ አንድ መላ አመጡ። በሮቹ በኮምፒውተር ካልታዘዙ በሰው ይታዘዙ አሉ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጊዜያዊ ሠራተኞች ተቀጥረው በየበሩ ይቆማሉ፤ እሳት ሲነሳ በሞባይል ስልክ ይደወልላቸውና በሩን በእጃቸው ይከፍታሉ ወይም ይዘጋሉ። በሺዎች የሚቆጠሩ መንገደኞች በሚጨናነቁበት፣ ጭስ በሞላበት አዳራሽ ውስጥ ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ያቀረቡት ሞኞች አልነበሩም፤ በሥራቸው የታወቁ ባለሙያዎች ናቸው። እዚያ ያደረሳቸው ነገር ነው መመርመር ያለበት። መላውን ያልተቀበለው ደግሞ ኤርፖርቱ ያለበት የዳሜ ሽፕሬቫልድ ወረዳ የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ነው። ከላይ ያሉት ፖለቲከኞች ሁሉ ቀኑን ሲጠብቁ አንድ የወረዳ ቢሮ ሕጉን ይዞ ቆመ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥራውን በትክክል የሠራ አካል ካለ ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው ይህ ቢሮ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። የፕሮጀክት አስተዳደር ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ውድቀት ለመመርመር ሁለት መንገድ አላቸው። አንደኛው ፕሮጀክት እንዲሳካ መሟላት ያለባቸውን ነገሮች ዘርዝሮ የትኛው እንደጎደለ ማየት ነው። ከእነዚህ ዝርዝሮች በስፋት የሚታወቀውን ፒንቶና ስሌቪን የተባሉ አሜሪካውያን በ1987 አውጥተውታል፤ አሥር ነጥቦች አሉት። ግልጽ ዓላማ፣ የበላይ አመራር ድጋፍ፣ ዝርዝር የጊዜ ሰሌዳ፣ ብቁ ባለሙያ፣ ቴክኖሎጂ፣ የክትትል ሥርዓት፣ መረጃ ልውውጥ፣ ችግር ሲመጣ የመፍታት አቅም የመሳሰሉት ናቸው።

የበርሊኑን ፕሮጀክት በዚህ ዝርዝር ስንመዝነው የምናገኘው ያስገርማል። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ የተከፋፈለችው ከተማ ስትዋሐድ የወረሰቻቸውን አሮጌ ኤርፖርቶች በአንድ መተካት። ገንዘብ ነበር። ጀርመን ውስጥ መሐንዲስ አይጠፋም። የበላይ ድጋፍ ደግሞ ከበቂ በላይ ነበር። የኤርፖርቱ ባለቤቶች የበርሊን ከተማ፣ የብራንደንቡርግ ክልልና የፌደራል መንግሥቱ ናቸው፤ ሁለቱ 37 በመቶ እያንዳንዳቸው፣ ፌደራሉ 26 በመቶ። የተቆጣጣሪ ቦርዱ ሰብሳቢ የበርሊን ከንቲባ ክላውስ ቮቨራይት፣ ምክትላቸው የብራንደንቡርጉ መሪ ማቲያስ ፕላትሴክ ነበሩ። ከዚህ በላይ ድጋፍ ከየት ይመጣል?

ችግሩ ያለው ግን እዚሁ ላይ ነው። ዝርዝሩ ድጋፍ መኖሩን ይጠይቃል እንጂ ድጋፉ ምን እንደሚያስከትል አይጠይቅም። ከንቲባው የመክፈቻውን ቀን በአደባባይ ከተናገሩ በኋላ ቀኑ የፖለቲካ ቃል ሆነ። ለቦርዱ በየጊዜው የሚቀርበው ሪፖርት የሥራውን ደረጃ እንደ ትራፊክ መብራት በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ያሳይ ነበር። ክትትል አለ ማለት ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ነገር ግን ቦርዱ ውስጥ ግንባታ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። የሳይቱ መሐንዲስ «ከባድ ነው» ብሎ የጻፈው ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ሲወጣ «ፈታኝ ቢሆንም ይደረሳል» ይሆናል። ቀኑ ሳምንታት ሲቀሩት እንኳ የቦርዱ አባላት ይከፈታል ብለው ያምኑ ነበር። የስኬት ዝርዝር ጥሩ መነሻ ነው፤ የት እንደሚታይ ይጠቁማል። የትኛው ጉድለት ሌላውን እንደወለደ ግን አይነግረንም።

ለዚህ ሁለተኛው መንገድ አለ፤ ከሚታየው ችግር ተነስቶ «ለምን?» እያሉ ወደ ታች መውረድ። ከጃፓን ፋብሪካዎች የመጣ ልማድ ነው። ኤርፖርቱ ለምን አልተከፈተም? የእሳት መከላከያው ፈቃድ ስላላገኘ። ለምን አላገኘም? ክፍሎቹ ተገጣጥመው ስላልሠሩ። ኬብሎቹ በተፈቀደላቸው መንገድ አልተዘረጉም፤ በአንድ የኬብል መደርደሪያ ላይ ከሚገባው በላይ ተጭኗል፣ ተለያይተው መሄድ ያለባቸው አንድ ላይ ታስረዋል። መቆጣጠሪያው አልተጠናቀቀም። ለምን እንዲህ ሆነ? እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ነገሩ የሚለወጠው እዚህ ነውና።

ተርሚናሉ ግንባታው ከተጀመረ በኋላም መቀየሩን አላቆመም። የመንገደኛው ቁጥር ትንበያ ከፍ ሲል ሕንፃው ሰፋ፤ በሰሜንና በደቡብ ተጨማሪ ክፍሎች ተቀጠሉበት። የኪራይ ገቢ ለመጨመር የሱቆች ቦታ ተጨመረ። በፈሳሽ ላይ የሚደረገውን ፍተሻ የሚመለከት አዲስ የአውሮፓ ደንብ በመምጣቱ የፍተሻው ቦታ እንደገና ታቀደ። ባለ ሁለት ፎቁን ኤርባስ ኤ380 የሚያስተናግድ መሳፈሪያም ተጠየቀ፤ በዚያ አውሮፕላን ከበርሊን በመደበኛነት ልብረር ያለ አየር መንገድ ግን አልነበረም። አንድ ግድግዳ በተዛወረ ቁጥር የጭሱ ስሌት ይለወጣል። የአየሩ መጠን፣ የቱቦው ውፍረት፣ የክዳኑ ቦታ፣ ወደዚያ የሚሄደው ኬብል ሁሉ እንደገና ይታሰባል። መሐንዲሱ ቢሮ ውስጥ አዲሱን ንድፍ ሲሠራ ኤሌክትሪሺያኑ ሳይት ላይ በአሮጌው ንድፍ ኬብል ይዘረጋል። በ2010 የሕንፃውን ቴክኒካዊ ሥራ ያቀድ የነበረው ድርጅት ሲከስር ደግሞ ነገሩ ባሰ፤ የያኔው መክፈቻ ከኦክቶበር 2011 ወደ ጁን 2012 ሲዛወር አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። የተጨመረው ሰባት ወር ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለውጥ ጊዜና ገንዘብ ሳይጨመርበት ለምን ተቀባይነት አገኘ? ምክንያቱም እምቢ የሚል አልነበረም። በ2007 ተርሚናሉን በአንድ ዋና ተቋራጭ ለማሠራት ጨረታ ወጥቶ ነበር። የቀረቡት ዋጋዎች ወደ 1 ቢሊዮን ዩሮ የተጠጉ ሲሆኑ የኤርፖርቱ ድርጅት ግምት ከ600 ሚሊዮን ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። ጨረታው ተሰረዘ። ሥራው በብዙ ሎት ተከፋፍሎ ለየብቻ ተሰጠ፤ ማስተባበሩን ድርጅቱ በራሱ ትከሻ ላይ አደረገ። ግንበኛውን፣ አናጺውን፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ለየብቻ ቀጥሮ ቤት ያሠራ ሰው ይህን ያውቃል፤ ርካሽ ይመስላል፣ ግን ቧንቧው የተለሰነውን ግድግዳ ሲያፈርስ ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል፤ ጥፋቱን የሚሸከመው አሠሪው ነው። ዋና ተቋራጭ ቢኖር ኖሮ ለውጥ በተጠየቀ ቁጥር «ይህን ያህል ወር፣ ይህን ያህል ገንዘብ» ብሎ በውሉ መሠረት ወረቀት ያቀርብ ነበር። ያ ወረቀት አሠሪውን ያናድዳል፤ ግን ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ብዙ ተንታኞች እዚህ ያቆሙና ሥሩ ዋና ተቋራጭ አለመኖሩ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ምክንያቴ ሐምቡርግ ውስጥ አለ። የሐምቡርግ ከተማ በወንዙ ዳርቻ ኤልብፊልሃርሞኒ የተባለውን የሙዚቃ አዳራሽ ስትሠራ ዋና ተቋራጭ ነበራት፤ ትልቁ ሆኽቲፍ። ግንባታው በ2007 ተጀመረ፣ በ2010 ያልቃል ተባለ፣ የተከፈተው በጃንዋሪ 2017 ነው። የከተማዋ ድርሻ መጀመሪያ 77 ሚሊዮን ዩሮ ይሆናል የተባለው በመጨረሻ 789 ሚሊዮን ደረሰ። ዋና ተቋራጭ መኖር ብቻውን ካላዳነ አለመኖሩም ብቻውን ሥር ሊሆን አይችልም። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ሌላ ነገር ነው። በሁለቱም ቦታ ውል የተፈረመውና ቀን የተነገረው ንድፉ ሳያልቅ ነው። በሁለቱም ቦታ ንድፉ ግንባታው እየተካሄደ ይቀየር ነበር።

ሥር ምክንያት ተብሎ የቀረበን ነገር መፈተሽ የሚቻለው እንዲህ ነው፤ ያ ምክንያት ያለበትንና የሌለበትን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት። ለዚህ ደግሞ በርሊን ራሷ ጥሩ ማስረጃ ሰጥታለች፤ ሰዎች ብዙም አያነሱትም እንጂ። በዚያው ኤርፖርት፣ በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር ሕግ ከተሠሩት ነገሮች መካከል በጊዜው የደረሱ አሉ። አዲሱ የደቡብ ማኮብኮቢያ ተጠናቅቆ ነበር። የበረራ መቆጣጠሪያው ማማ ከመክፈቻው በፊት ሥራ ጀምሯል። በተርሚናሉ ሥር ያለው የባቡር ጣቢያ በ2011 ዝግጁ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት አንድም መንገደኛ ሳይወርድበት፣ በዋሻው ያለው አየር እንዳይበላሽ ብቻ ባዶ ባቡሮች ይመላለሱበት ነበር። እነዚህን ከተርሚናሉ የለያቸው ምንድን ነው? የማኮብኮቢያ ርዝመት መሥራት ከተጀመረ በኋላ አይለወጥም። ማማውን የሚያስተዳድረው የጀርመን የበረራ ቁጥጥር ድርጅት ሲሆን የባቡሩ ነገር የዶይቸ ባን ነው። ሁለቱም የሚፈልጉትን የሚያውቁ፣ ሱቅ ጨምሩበት ብሎ የሚመጣ ከንቲባ የሌለባቸው ባለቤቶች ናቸው። ንድፉ በረጋበት ቦታ ሁሉ ሥራው አለቀ፤ ንድፉ በሚዋልልበት ብቸኛ ቦታ ከሸፈ።

ከዚህ አንጻር ነው በ2014 የተነሳውን ጫጫታ ማየት ያለብን። የጭስ ማስወገጃውን ያቀደው ሰው የተመረቀ መሐንዲስ ሳይሆን በንድፍ ሣይነት የሠለጠነ መሆኑ ታወቀ፤ የዓለም ጋዜጦችም ጥፋተኛውን ያገኙ ያህል ጻፉበት። ብቃት መመርመር ነበረበት፤ አለመመርመሩ ራሱ የድክመት ምልክት ነው። ግን በእሱ ቦታ የተመረቀ መሐንዲስ እናስቀምጥና እንጠይቅ። ግድግዳው በየወሩ ሲዛወር፣ መክፈቻው ግን አልንቀሳቀስ ሲል፣ መሐንዲሱ ምን ያደርግ ነበር? ሥርዓቱ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ኋላ ላይ ተከፋፍሎ በትንንሽ ክፍሎች ተሠራና በሥራ ላይ ዋለ። ስለዚህ ጭስን ወደ ታች የመሳቡ ሐሳብ ከባድ ቢሆንም ገዳዩ እሱ አልነበረም።

የቀረው ጥያቄ ከ2012 እስከ 2020 ያለው ጊዜ ነው። ስህተቱ ከታወቀ በኋላ ለምን ስምንት ዓመት? ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር መቀላቀልም የለበትም። መክፈቻው በተሰረዘ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኤርፖርቱ የአርክቴክቶቹንና የአቃጆቹን ጥምር ቢሮ ከሥራ አሰናበተ። ሕዝቡ ተቆጥቷል፤ አንድ ሰው መጠየቅ አለበት። ግን ከእነሱ ጋር የሄደው እውቀት የትኛው ኬብል የት እንደሚያልፍና ለምን እንደሚያልፍ የሚያውቅ እውቀት ነበር። ንድፉና የተሠራው ሕንፃ አልገጥም ስላሉ አዲሶቹ ባለሙያዎች ኮርኒስ እየከፈቱ ያለውን መመዝገብ ያዙ። በኋላ ሃርትሙት ሜዶርን መጡ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ካርስተን ሙለንፌልት ተተኩ። በ2015 ደግሞ ከዋናዎቹ ተቋራጮች አንዱ ኢምቴክ ከሰረ። የመረጃ ስክሪኖች ማንም ሳያያቸው ለዓመታት ሲበሩ ከርመው በ2018 ወደ 750 የሚሆኑት ዕድሜያቸው አልቆ ተቀየሩ። ሁሉም አዲስ ኃላፊ ሲመጣ አዲስ ቀን ይነገራል፤ ቀኑ ያልፋል።

ያ ዙር የተቋረጠው በ2017 ኤንገልበርት ሉትከ ዳልድሩፕ ኃላፊ ሲሆኑ ነው። የከተማ ልማት ሰው ናቸው። ቀን ከመናገራቸው በፊት የቀረው ሥራ ምን እንደሆነ አስቆጠሩ፤ ተርሚናሉ ላይ ተጨማሪ ለውጥ የሚባል ነገር ቆመ፤ የሚጨምረው መንገደኛ የሚስተናገድበት ሌላ ተርሚናል ለብቻው፣ በቀላል ንድፍ እንዲሠራ ተደረገ። በዲሴምበር 2017 ኦክቶበር 2020 ብለው ቀን ሰጡ። ብዙ ጋዜጠኛ አላመነም። በ2019 ሁሉም ክፍሎች በአንድ ላይ የሚነሱበት ፈተና ተካሄደ፤ በኤፕሪል 2020 ያው የወረዳ ቢሮ ለዋናው ተርሚናል ፈቃዱን ሰጠ። ኤርፖርቱ ከሦስት ዓመት በፊት በተነገረው ወር፣ ንድፉ ከረጋ በኋላ፣ ተከፈተ። የተከፈተው ኮሮና በረራውን ሁሉ ባመነመነበት ወቅት ነበር፤ ስለዚህ አዳራሹ በሙሉ አቅሙ ሲጨናነቅ እንዴት እንደሚሠራ መታየት የጀመረው ገና ከዚያ በኋላ ነው።